ሰባተኛው ጥያቄ፣ ሐ

ተማሪዎቿ ከኋላዋ «እትዬ ሀለሐመ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ስሙ እንዲሁ አልወጣላትም። በማሠልጠኛ ኮሌጁ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ እሷ ያስተማረችው ነገር ሁሉ ሳምንቱ ሲያልቅ የምርጫ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል፤ አራት መልስ ተደርድሮ፣ አንዱ እውነት፣ ሦስቱ ውሸት። ሌላው መምህር ሦስቱን ውሸት የሚጽፈው እጁ እንዳመጣለት ነው። ስለ ሽቦ ይጠይቅና ከመልሶቹ አንዱን «የአትክልት ዓይነት ነው» ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ስታይ ደሟ ይፈላል። «ይቺን የሚስት ሰው ካለ ፈተና ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው» ትላለች።

ወደ ማስተማሩ ከመግባቷ በፊት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ይዛው የመጣችው ትልቁ ዕውቀት «ገብቶኛል» የሚለውን ቃል አለማመን ነው። «ገባችሁ?» ሲባል «ገብቶናል!» የማይል ክፍል እስካሁን አልተፈጠረም። ከነዚያ ሁሉ ውስጥ ማን በእውነት እንደገባው፣ ማን እንደመሰለው፣ ማን ደግሞ ምሳ ሰዓት ቶሎ እንዲደርስለት ብቻ እንደጮኸ በምን ይታወቃል? እሷ ያገኘችው መላ አንድ ነበር። የተሳሳተው ሰው በሆዱ የያዘውን ሐሳብ ራሱ እንደሚናገረው አድርጋ መልሶቹ መሃል ታስቀምጥለታለች። ያ ሰው የገዛ ሐሳቡን እዚያ ሲያገኘው፣ ዘመዱን ገበያ መሃል እንዳገኘ ሰው ሮጦ ያቅፈዋል። ያኔ ትይዘዋለች።

ለዚህም ሐሙስ ሐሙስ የጥቂት ተማሪዎችን ደብተር ትዋሳለች። የጎበዞቹን አይደለም፤ የጎበዝ ደብተር የተናገረችውን መልሶ ነው የሚያነብላት። የምትፈልገው ግማሽ ጆሮውን መስኮቱ ላይ ጥሎ የጻፈውን ነው። እሷ «ብሬከሩን፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን፣ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ያጠፋነው የዚያኑ መስመር ብሬከር መሆኑን ማረጋገጥ አለብን» ብላ ያስጻፈችውን፣ እዚያ ደብተር ላይ «ብሬከር አጥፋ፣ አለቀ» ሆኖ ታገኘዋለች። ሌላው ይናደድ ነበር። እሷ ግን ጥሩ ዕቃ በርካሽ እንዳገኘች ሸማች ፊቷ ይበራል። ያቺ «አለቀ» በማግስቱ ጥያቄ ውስጥ ለ ወይም ሐ ሆና ትቀመጣለች።

ሕጎች ነበሯት። አንድ የተሳሳተ መልስ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ብቻ ይይዛል፤ ሁለት ከያዘ ተማሪው በየትኛው እንደወደቀ አይታወቅም። መልሶቹ በርዝመት ይመጣጠናሉ፤ መምህር እውነቱን ሲጽፍ ስለሚጠነቀቅ ረጅሙ መልስ እውነተኛው እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ የለምና። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚባል ነገር በእሷ ወረቀት ላይ አይታይም። ለየአንዳንዱ ውሸት ደግሞ በሌላ ገጽ ማብራሪያ ትጽፋለች፤ «ሀን የመረጥክ እንዲህ አስበህ ይሆናል፣ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው» የሚል። ጥያቄው ቁስሉን ይከፍታል፣ ማብራሪያው ያክመዋል፤ አንዱ ያለ አንዱ አይሄድም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ሕግ አልነበራትም፤ እውነተኛው መልስ የሚቀመጥበትን ፊደል በዓይኗ ነበር የምታደላድለው። ሐ ከሐ ሲከታተል ያስጠላታል። ዕጣ አውጥታ ብትደለድል ይሻል ነበር፤ ግን ማን ልብ ይለዋል ብላ ተወችው።

ቤቷ ውስጥ አንድ ተማሪ አለ፤ የእህቷ ልጅ። እናቱ ስትሞት ገና ጥርሱ አልተነቀለም ነበር፤ እሷ ናት ያሳደገችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ሳይማር መልሱን የሚያገኝ ዓይነት ስለነበር «ጮሌ» ብላ ጠራችው፤ ስሙም ጸደቀ። ዘንድሮ በዕድሉ ወይም በዕጣ ፈንታው እሷው ክፍል ተመደበ። ሰው እንዳያማት ብላ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጣ ነገረችው።

«ስማ፣ ቤትና ክፍል አይገናኙም። እዚህ አክስትህ ነኝ፣ እዚያ መምህርህ ነኝ። ስለ ጥያቄ እዚህ ቤት ውስጥ አታነሳብኝም፣ እኔም አላነሳብህም።»

«እሺ ቲቸር» አለና ሳቀባት።

«ውጣ ከፊቴ!» አለችው፤ እሷም ግን ሳቀች። ያን ውል ሁለቱም ሳያፈርሱ ወራት አለፉ።

እንግዲህ ክፉው ሳምንት የመጣው ስለ ቴስተር ያስተማረች ጊዜ ነው። ቴስተር ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ አጠገብ ሲደርስ ቀይ መብራት የሚያበራ፣ ጢጥ ጢጥ የሚል፣ በባትሪ የሚሠራ እስክሪብቶ መሳይ መሣሪያ ነው። ትምህርቱ አጭር ነበር። ቴስተሩ ሲጮህ ኤሌክትሪክ አለ። ዝም ሲል ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም፣ ወይ ቴስተሩ ራሱ ሞቷል። ስለዚህ ሠራተኛ ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ላይ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ሊሠራበት ባለው ሽቦ ላይ፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ሶኬት ላይ። ፊትና ኋላ ከጮኸ መሃል ላይ ዝም ማለቱ ይታመናል። «ገባችሁ?» አለች። «ገብቶናል!» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ከተዋሰቻቸው ደብተሮች በሦስቱ ላይ ያው ነገር ነበር፤ «ቴስተር ካልበራ ሽቦው ሰላም ነው።» ፊትና ኋላ የሚለው የለም። ልቧ ድንግጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እጇ ተነሳ። ሰባተኛውን ጥያቄ እንዲህ ጻፈችው። አንድ ሠራተኛ የአምፖል መያዣ ሊቀይር ብሬከሩን አጥፍቶ ቆልፏል። ቴስተሩን ሽቦው ላይ ሲያስነካው ዝም አለ። ቀጥሎ ምን ያድርግ?

ሀ ላይ «የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ ሥራውን ይጀምር» አለች፤ መብራት ከጠፋ ኤሌክትሪክም ሄዷል ብሎ ለሚያስበው። ለ ላይ «የጎማ ጫማ አድርጎ ሽቦውን በእጁ ጀርባ ይንካ» አለች፤ ይህ ደግሞ ከሰፈር ጠጋኝ የተወረሰ ዕብደት ነው። መ ላይ እውነቱን፣ «ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለው ሶኬት ላይ ይሞክረው» አለች። ሐ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። የልጆቹ አነጋገር እንዳለ ቢገባ ደረቅ ሆነባት። ትንሽ ሰረዘች፣ ትንሽ ጨመረች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ሥራውን ይጀምር፤ ዝም ያለ ቴስተር፣ ዝም ያለ ሽቦ።»

ቆንጆ ነበረች። ለአፍ ትጥማለች። እንዲህ ያለች ውሸት ከዚያ በፊት ጽፋ አታውቅም።

አርብ ጠዋት ወረቀቱን ይዛ ወደ ማባዣ ክፍል ወረደች። የማባዣው ሰውዬ የሚያባዛውን ሁሉ የማንበብ አመል አለበት።

«ዝም ያለ ቴስተር፣ ዝም ያለ ሽቦ» አለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «እንዴት ደስ ትላለች! እውነት ናት?»

«አይደለችም፣ ጋሼ። ውሸት ናት።»

«ታዲያ ምን አሳምረሽ ጻፍሻት?»

«ካላማረች ማን ይመርጣታል?»

ሰውዬው ሊስቅ ብሎ ተወው። «እውነቱስ? እውነቱም እንዲህ አምሯል?» ብሎ ወረቀቱ ላይ በጣቱ ፈለገው። ወረቀት ሊያልቅ መሆኑን፣ ጥያቄውን ብቻ አባዝቶ ማብራሪያውን ሰኞ እንደሚሰጣት ነገራት። ከሌላ ጊዜ ይልቅ ልትቆጣ ይገባት ነበር። ግን ሰኞ ክፍል ገብታ በቃሏ ልታብራራ ስለሆነ «ግድ የለም» አለች።

ልጆቹ ያንኑ ቀን ሠርተው አስረከቡ። ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀቶቹን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማረም ጀመረች። ጮሌ ከጀርባዋ ሱሪውን ይተኩሳል፤ ካውያው ይንሻሻል። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ የጠረጠረችው ብቅ አለ። ሐ። ቀጣዩም ሐ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ጎበዝ የምትላት ልጅ ሳትቀር ሐ። ማንም ሀን አልመረጠም፤ ለን አንድ ቀልደኛ ብቻ ነው የመረጠው። ጥያቄ ጽፎ የማያውቅ ሰው ይህን ደስታ አይረዳውም። ተደብቆ የነበረ ነገር ከነሙሉ ሰውነቱ ወጥቶ ብርሃን ላይ ሲቆም ማየት ነው። ከግማሹ በላይ ክፍል አንድ ቦታ ላይ ታሟል፤ ቦታውንም አግኝታዋለች፤ ሰኞ ታክመዋለች።

«ሰባተኛው፣ ሐ!» አለች ሳታውቀው ጮክ ብላ። «ይሄም ሐ! ጎሽ! ጎሽ!»

ካውያው ለአፍታ ቆመና እንደገና ቀጠለ።

የጮሌን ወረቀት ሆን ብላ ወደ መጨረሻ ገፍታው ነበር። ስትገልጠው ሰባተኛው ላይ መ ብሏል። ትንፋሿ ወጣ። ቀይ እስክሪብቶዋን ጫን አድርጋ ምልክት አደረገችበትና ዞራ ጀርባውን አየችው፤ ትከሻው ልክ የእናቱን ይመስላል። ለምን መ እንዳለ ልትጠይቀው አፏ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ናት፣ ለምን። ግን ውል ውል ነው፤ ቤትና ክፍል አይገናኙም። ዋጠችው።

«ሱሪህን አታቃጥል» አለችው ብቻ።

«ሰኞ አምሬ የምሄድበት ቦታ አለ፣ አክስቴ።»

«ክፍል ውስጥ ማን ያይልሃል?»

እሱም የሚያውቀውን ሊነግራት የፈለገ መሰለ፤ ከዚያ ግን «ቤትና ክፍል አይገናኙም» ብሎ ጠቀሳት። ሳቀችና ተወችው።

ሰኞ ክፍሏ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ፣ ሰሌዳው እንደተጠረገ። ከመስኮቱ በታች ግቢው ውስጥም ማንም የለም። መጀመሪያ ሰዓት የተሳሳተች መሰላት። ከዚያ ወደ ክፍል ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ስልክ ላይ ነበር፤ በእጁ ተቀመጪ አላት፤ አልተቀመጠችም።

«ልጆቹ የት ሄዱ?»

«አልነገሩሽም እንዴ? ለሥራ ላይ ልምምድ ወጡ። የአንድ ትልቅ ሕንጻ ተቋራጭ ርክክብ ደርሶበት አርብ ማታ ደወለልኝ። ሰው ቸግሮታል። ዘንድሮ ቦታ ያጣንበትን ልምምድ በራሱ ጊዜ ይዞ ሲመጣ እምቢ ልበለው?»

«ያረምኩት አለ፤ ሳላብራራላቸው መውጣት አልነበረባቸውም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቴስተር አጠቃቀም ላይ ተሳስተዋል።»

«ለልምምድ የተሰጠ ጥያቄ አይደል? ፈተና መች ሆነ? ሲመለሱ ታብራሪያለሽ።»

«ሲመለሱ?» አለች። «የሳቱት እኮ ሽቦ ከመንካት በፊት የሚደረገውን ነው!»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ አያትና ስልኩን አስቀመጠ። «ፎርማኑ አብሯቸው አለ። ደውዪና ንገሪያቸው እንግዲህ» አላት። እሷ ግን በሩ ላይ ደርሳ ነበር።

መምህራን ክፍል ገብታ ወረቀቶቹን ፊቷ ዘረጋች። በአንድ በኩል ሐ ያሉትን ከነቀልደኛው፣ በሌላ በኩል መ ያሉትን። መ ያሉት ጥቂት ነበሩ፤ የጮሌ ወረቀት ከላይ ነው። እነዚያን ገፋ አደረገችና ለክፍል አለቃው ደወለች።

«ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሐ አይደለም መልሱ» አለችው ሰላምታ ሳትሰጠው።

«ቲቸር? እንዴት አደሩ? ሐ አይደለም እንዴ? እኛ እኮ ቅዳሜ በቴሌግራም መልሶቹን ተስማምተንባቸው ለሁሉም ልከናል። የሌላው ፈረቃ ተማሪዎችም ወስደውታል።»

«እንዴት ሳታርሙት ትልካላችሁ?»

«ብዙው ሰው ሐ ብሎ ነበራ» አላት ልጁ፤ ድምጹ ውስጥ ጥፋት የሠራ ሰው ስሜት አልነበረም። «ደግሞ ቲቸር፣ አረፍተ ነገሯ የእርስዎ አይደለች? እርስዎ ነዎት እኮ የጻፏት። እዚህ ነባሮቹ ሠራተኞች ሳይቀሩ ወደዋታል። አንዱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፏታል።»

በዓይነ ሕሊናዋ ያልተለሰነ ግድግዳ ታያት፤ በላዩ ላይ የእሷ ቃል ተጽፏል። እውነቱን ማንም ግድግዳ ላይ አልጻፈውም። እውነቱ «ኤሌክትሪክ ባለው ሶኬት ላይ ይሞክረው» የሚል የመንግሥት ማስታወቂያ የሚመስል ነገር ነው፤ ማንም ለማንም አያዜመውም። የማባዣው ሰውዬ በጣቱ ሲፈልግ የነበረው ይሄን ነው።

«አጥፋው!» አለች። «አሁኑኑ ሂድና አጥፋው። ከዚያ ስማኝ፣ ቴስተር ዝም ሲል ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። ፊትና ኋላ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሳትሞክር ሽቦ አትንካ። ድገምልኝ።»

ደገመላት። ወደ ቀጣዩ ደወለች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። አንዷ ወዲያው ገባት፤ «ወይኔ ጉዴ» አለችና ያለችበትን መሰላል ወርዳ ስታበቃ እንደገና ጠየቀቻት። አንዱ ተከራከራት። አንዱ «ኔትወርክ የለም፣ አይሰማኝም» እያለ እሷን በደንብ ይሰማል። ቀልደኛው ስለ ጎማ ጫማው ቀልድ ሊጀምር ሲል ጮኸችበት፤ ከዚያ በፊት ጮኻበት ስለማታውቅ ደንግጦ ያለችውን ደገመላት። ደውላ ያገኘችውን ሁሉ ወረቀቱን ትገለብጣለች። የሐ ክምር እያነሰ ሄደ። ፍርሃቷ ግን አብሮ አልቀነሰም፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ለጮሌ አልደወለችም። ለምን ትደውላለች? እሱ የገባው ነው።

ከክምሩ ጥቂት ሲቀራት አንዲት ልጅ አነሳች። ጨዋና ዝግ ያለች ልጅ ናት። «አዎ ቲቸር፣ ገብቶኛል» አለች።

«ገብቶኛል አትበዪኝ። ምን እንደገባሽ ንገሪኝ።»

«ቴስተሩ ራሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ...» ልጅቷ አቋረጠች። ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የሆነ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ ከዚያ የሰው ጩኸት፤ ከዚያ ብዙ ሰው ደረጃ ሲሮጥ።

«ምንድነው?»

«እንጃ ቲቸር። ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንድ ሰው ከመሰላል ወድቋል መሰለኝ። ቆዩ፣ ቆዩ ላይ።»

ቆየች። እጇ በራሱ የተገለበጡትን ወረቀቶች እየገለጠ ያያል። ይሄን አግኝቼዋለሁ፤ ይቺን አግኝቻታለሁ፤ ይሄ ተከራክሮኛል፣ እሱ ይሆን? ያልደረሰችላቸውን አየች፤ የቀሩት ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ነው ብላ ደመደመች፤ የሁለቱንም እናቶች አሰበች። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ትንፋሽ ይሰማል።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ ስትመለስ።

«ማነው? ንገሪኝ!»

«ጮሌ ነው።»

«አይደለም» አለች። ልክ የተሳሳተ መልስ እንደምታርም። «እሱ ሊሆን አይችልም። እሱ መ ነው የመለሰው።»

ሆስፒታል ስትደርስ ፎርማኑ ኮሪደሩ ላይ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። የሆነውን በአጭሩ ነገራት። ልጁ የክፍሉን ብሬከር አጥፍቷል፣ ቆልፏል፣ ደንቡን ሠርቷል። ያ የመብራት መስመር ግን ከጎረቤቱ ክፍል ተስቦ የመጣ ነበር፤ በፊት የዘረጋው ሰው እንዴት እንደሳበው አይታወቅም። ቴስተሩን አስነካ፣ ቴስተሩ ዝም አለ፣ ሽቦውን ያዘ። ቴስተሩ ከዚያ በኋላ ሲከፈት ባትሪው አልቆ ተገኘ። ከአጠገቡ፣ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ፣ የሚሠራ ሶኬት ነበር።

«አንድ ጊዜ እዚያ ሶኬት ላይ ቢሞክረው» አለ ፎርማኑ፤ የሚያናግረው ማንን እንደሆነ ትዝ ሲለው ፊቱን አዞረ።

ጮሌ አልጋ ላይ ነው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ሐኪሙ ስለ ሁለቱ ጣቶቹ ተስፋ አልሰጠም። ዳሌው ተሰብሯል። ፊቱ ግን ምንም አልሆነም፤ ያው የናቱ ፊት ነው። ሲያያት ሊስቅ ሞከረ።

«ሱሪዬ ተቀደደ፣ አክስቴ።»

ግንባሩን ሳመችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ልትጠይቀው አልፈለገችም፤ ጊዜው አልነበረም፤ ልጁ ታሟል። ግን ካልጠየቀች የምትተነፍስ አልመሰላትም።

«አንተ እኮ መ ነው የመለስከው» አለችው። «ወረቀትህን አይቻለሁ። ሶኬት ላይ ይሞከራል ብለሃል። እያወቅከው ለምን?»

ጮሌ ጣራውን አየ። «አላወቅኩትም» አለ።

«መ ብለሃል!»

«ሐ ልል ነበር። ሐ ናት የመሰለችኝ። ከዚያ ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሐ ብዬ እንደነበር አየሁ፤ ስድስተኛው ላይ ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ።» ምራቁን በችግር ዋጠ። «አንቺ ሐን ሁለቴ አታስከትዪም። ሁልጊዜ እንደዚያ ነሽ፤ ዓመቱን ሙሉ አይቼሻለሁ። ሀ እና ለ ደግሞ የጅል ናቸው። መ ቀረች።»

የአልጋውን ብረት ጨበጠች።

«ከዚያ ቅዳሜ ስታርሚ ሰማሁሽ» አለ ልጁ። ሊያጽናናት የፈለገ ይመስል ድምጹን አለሳለሰ። «ሰባተኛው ሐ፣ ይሄም ሐ፣ ጎሽ፣ ጎሽ ስትዪ። እንዲያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ያኔ፣ በቃ እኔ ነኝ የሳትኩት፣ ሐ ነበረች አልኩ። መልሱን በቴሌግራም ሊልኩት ሲሉም ሐ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የአክስቴ ነገር ይገባኛል አልኳቸው። ልጠይቅሽ ነበር፣ ግን ቤትና ክፍል...»

«ተው» አለችው። «ተው ልጄ፣ አትናገር።»

የደህናውን እጁን ያዘችው። ሕጻን ሳለ መንገድ ሲሻገሩ እንደምትይዘው አድርጋ፣ ጥብቅ አድርጋ። አለቀሰች፤ እንዲያያት አልፈለገችም ነበር፣ ግን አየ። ነርሷ መጥታ መርፌ ሰጠችውና ዓይኑ ቀስ በቀስ ተከደነ።

ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ሌላው ነገር መጣባት። ቀኑን ሙሉ የደወለችው ለሳቱት ነው። የሳቱት አሁን ያውቃሉ፤ አንድ በአንድ አስደግማቸዋለች። የተቀሩትን፣ መ ያሉትን፣ ቀይ ምልክት አድርጋላቸው ወደ ጎን ገፍታቸዋለች። ከእነሱ መሃል ማን አውቆ፣ ማን ከጎረቤቱ ቀድቶ፣ ማን እንደ ጮሌ ፊደል ቆጥሮ መ እንዳለ ወረቀቱ አይናገርም። እነሱም መልሶቹ በቴሌግራም ደርሰዋቸዋል። ተሳስተን ነበር ብለው ተመልሰው ሐን አጥንተው ይሆናል። እነሱም ዛሬ እዚያው ሕንጻ ላይ ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ፎርማኑ የለም።

«ፎርማኑስ?» አለቻት ነርሷን።

«ሥራ ቆሞብኛል ብሎ ተመለሰ።»

ከቦርሳዋ ወረቀቶቹን አወጣች። ቀይ ምልክት ካለባቸው ከጮሌ ቀጥሎ ያለውን ስም አየችና ቁጥሩን መታች። ስልኩ ይጠራል። ግድግዳው ላይ ተደግፋ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠርቶ ተዘጋ። እንደገና መታችው።